ዳገቱን የወጣው ሞተሩ ነው ወይስ ትንሿ ማርሽ?

የመኪና ወዳጆች የሚሰባሰቡበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር ተከፍቶ ብዙ ሰው ገባበት። ግማሹ ቁም ነገር ነው፣ ግማሹ ንትርክ። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ስለዚህ እንደ ቅደም ተከተሉ ላውራችሁ።

የመነሻው ጽሑፍ

ጠያቂው በአንኮበር በኩል ወደ ቆላው እህልና ሸቀጥ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። የሚነዳው አሮጌ ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 ነው። ሞተሩ 300 ቲዲአይ የሚሉት ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ ሲሆን 111 የፈረስ ጉልበት አለው። ይህ ቁጥር ዛሬ ለአንድ የቤት መኪና እንኳ ብርቅ አይደለም።

ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ አንድ መንደር የሚወጣ፣ ልቅ ድንጋይ የሞላበት ዳገት አለ። እሱ ሁልጊዜ ከታች ይቆማል፤ ከዋናው ማርሽ ጎን ያለችውን ትንሿን ማርሽ ከመደበኛው ሃይ አውጥቶ ቀርፋፋው ሎው ላይ ያደርጋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። ባለፈው ጓደኛው በአዲስ ፒክአፕ ከኋላ ተከተለው። የፒክአፑ ሞተር የእሱን እጥፍ ያህል ጉልበት አለው። ፎር ዊል ነው፣ ሎውም አለው። ጓደኛው ግን ሎው ለጭቃ ነው፣ ለደረቅ ዳገት ሞተር ይበቃል ብሎ በሃይ አንደኛ ማርሽ ገባበት። ግማሹ ላይ ሳይደርስ ከስሩ ጭስ ወጣ። ፍሪሲዮኑ ነደደ።

ጓደኛው ፍሪሲዮኑ ድሮውንም ደካማ ነበር ባይ ነው። ጠያቂው ይህን አልተቀበለም፤ ምክንያቱን ግን ማስረዳት አልቻለም። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሎው ሲገባ የሞተሩ ጉልበት ይጨምራል ወይ? ካልጨመረ፣ ደካማው መኪና የወጣውን ጠንካራው ለምን አቃተው?

መልስ 1

መጀመሪያ የመለሱት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሹፌር ናቸው። ሰላምታቸው ረጅም ነው፣ ምርቃትም አለበት። ሐሳባቸው ግን ከጓደኛው ጋር ነው። በእሳቸው ጊዜ ሎው የሚገባው ለጭቃና ለወንዝ ነበር። ደረቅ ዳገት ከታች ተንደርድረው፣ ነዳጅ ሳይለቁ ነው የሚወጣው። ፒክአፑ የነደደው ሹፌሩ መሐል ላይ ስለፈራ ነው አሉ።

መንደርደር ለአጭር ዳገት ይሠራል። ዳገቱ ረዥም ከሆነና ድንጋይ ካለበት ግን በፍጥነት የገባ መኪና መጀመሪያ የሚያጣው ፍጥነቱን ሳይሆን ሱስፔንሽኑን ነው። እሳቸው ይህቺን አልነኳትም።

መልስ 2

አንዱ ዲፌንደሩ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቀ። መልስ አላገኘም።

መልስ 3

ክሩ እዚህ ላይ ነው የተለወጠው። የጻፈው አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ያለው፣ የዚህን መኪና ካምቢዮ ደጋግሞ እንዳወረደ ከአጻጻፉ የሚያስታውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ ጠያቂውን አረመው። ሎው አንዲት ፈረስ አይጨምርም። ሞተሩ ያው ነው፣ የሚያቃጥለው ናፍጣም ያው ነው። የሚጨምረው ጎማው ላይ የሚደርሰው ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ ነው። ዋጋው የሚከፈለው በፍጥነት ነው።

ከዚያ የዚህኑ መኪና ቁጥሮች አወጣ። ከሞተሩ እስከ ጎማው ቶርኩ ሦስት ቦታ ይባዛል። ካምቢዮው አንደኛ ላይ በ3.69 ያባዛል። ከካምቢዮው ኋላ ያለው፣ ትንሿ ማርሽ የምታዘው ሣጥን ትራንስፈር ይባላል፤ እሱ በሃይ 1.41፣ በሎው ደግሞ 3.32 ነው። ግራና ቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ዲፈረንሻል ደግሞ በ3.54 ያባዛዋል። ሦስቱ ሲባዙ ሃይ አንደኛ 18.4 ይሆናል፣ ሎው አንደኛ 43.4። ትራንስፈር ኬዙ ውስጥ ከካምቢዮው የመጣውን ዙር የሚቀበል ጥርስ አለ፣ መሐል ላይ ሌላ አክሲስ አለ፣ ከታች ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያወጣው አለ። ትንሿ ማርሽ የምታደርገው ዙሩ በየትኛው ጥንድ ጥርስ በኩል እንዲያልፍ መምረጥ ብቻ ነው። በትንሽ ጥርስ ትልቁን ካዞርክ ዙሩ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ያድጋል።

ከዚያ ዳገቱን ራሱ አሰላው፤ እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። መኪናው ከነጭነቱ 2,700 ኪሎ ይሁን፤ የዳገቱ ክፉ ቦታ ደግሞ 25 ዲግሪ። መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ብቻ ወደ 11,200 ኒውተን የሚገፋ ኃይል ያስፈልጋል። የጎማው መሐል ከመሬት 39 ሳንቲም ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ አክሲሶቹ ላይ በድምሩ 4,370 ኒውተን ሜትር ገደማ መድረስ አለበት። ድንጋዩን መርገጡ፣ ጉድጓዱን መውጣቱ ገና አልተቆጠረም።

300 ቲዲአይ ከፍተኛ ቶርኩ 265 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህንንም የሚሰጠው በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ ነው። በሃይ አንደኛ ይህን ሙሉውን ብታወጣ እንኳ፣ በየጥርሱ የሚጠፋው ሲቀነስ 4,150 ያህል ነው ጎማ የሚደርሰው። አይበቃም። ሞተሩ የቻለውን ሁሉ ሰጥቶ መኪናው ይቆማል። በሎው አንደኛ ግን በ1,000 ዙር፣ ቱርቦው ገና ሳይነቃ፣ ሞተሩ 150 ብቻ ቢሰጥ እንኳ ጎማው ላይ 5,500 ይደርሳል። ነዳጅ ሳትረግጥ ይወጣል ማለት ነው።

ፍጥነቱንም ነገረን። በ1,000 ዙር ሎው አንደኛ ሰዓት ውስጥ 3.4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሃይ አንደኛ በዚያው ዙር 8 ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው መሐላቸው ላይ ነው ያለው፤ ድንጋይ ላይ የሚፈለገው ደግሞ ከእግረኛውም ማነስ ነው።

መልስ 4

ጠያቂው አመሰገነ፤ ግን አልጠገበም። የእኔ መኪና ገባኝ አለ። የጓደኛዬ ሞተር እጥፍ ነው፤ እሱ በሃይ ያጠረው ነገር ምንድነው? ደግሞስ ፍሪሲዮን ምን አገባው?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልስ 3 የሌላውን መኪና ዘሎታል።

መልስ 5

የጋራዡ ሰው ተመለሰ፤ ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ሥራ ላይ ቆይቶ ይመስላል። የፒክአፑን ትክክለኛ ቁጥር ስለማያውቅ በግምት ልሂድ ብሎ ሃይ አንደኛው በድምሩ 17 ያባዛል አለ። ዘመናዊ ቱርቦ ናፍጣ ቶርኩን የሚያገኘው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። ከታች በ1,000 ዙር 200 ገደማ ኒውተን ሜትር ብቻ ካለው፣ በ17 ተባዝቶ ዳገቱን አይችልም። ሹፌሩ ደግሞ ያለውን ጉልበት ያውቃል። ስለዚህ ነዳጅ ረገጠ፣ ሞተሩን ወደ 2,500 ዙር አወጣው። አሁን ቶርክ ሞልቷል።

ችግሩ በ2,500 ዙር ፍሪሲዮኑ ሙሉ ቢይዝ መኪናው በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። ልቅ ድንጋይ ላይ በ21 ማን ይሄዳል? ሹፌሩ 5 ላይ ሊያቆየው ፈለገ። ሞተሩ ለ21 ይዞራል፣ ጎማው ለ5 ይዞራል። ልዩነቱን የሚውጠው በግማሽ የተረገጠው ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ ከሚያወጣው ኃይል ሩብ ያህሉ ወደ ጎማ ሄደ፣ ሦስት አራተኛው እዚያው ዲስኩ ላይ ሙቀት ሆነ። በእሱ ሒሳብ ወደ 60 ኪሎ ዋት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ቢስብ፣ 15 ምጣድ አንድ ላይ ፍሪሲዮኑ ላይ እንደ መለኮስ ነው።

ስለዚህ የሞተሩ እጥፍ መሆን አላዳነውም፤ እንዲያውም ጎዳው። ደካማ ሞተር ቢሆን ኖሮ ጠፍቶ ይቆም ነበር። ጠንካራው ግን ፍሪሲዮኑ እስኪነድ ገፋ። ሎው ቢያስገባ ያው ፒክአፕ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ይዞ፣ እግሩን አንስቶ፣ በእግር ፍጥነት ይወጣ ነበር። የሎው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው አለ፦ ፍሪሲዮንን ሥራ ማስፈታት።

እኔ ብጠየቅ ክሩ እዚህ ቢዘጋ አይከፋኝም ነበር። አልተዘጋም።

መልስ 6

ዱባይ የሚኖር ወንድማችን ገባ። እሱ በአሸዋ ላይ በየሳምንቱ እንደሚነዳ ነገረን። ሎው ትርፍ ነው፣ እኔ ሁልጊዜ በሃይ ነው የምወጣው አለ። ዋናው ነገር የጎማውን አየር ወደ 15 ፒኤስአይ ማውረድና ፍጥነትን አለማጣት ነው። አንዴ ከቆምክ ትሰምጣለህ።

የአሸዋው ነገር ልክ ነው፣ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። አሸዋ ጎማውን ይውጠዋል፤ ላዩ ላይ ለመንሳፈፍ ፍጥነትና ሰፊ ጎማ ያስፈልጋል። ድንጋይ ደግሞ ፍጥነትን ይቀጣል። አየር መቀነሱ ግን ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ድንጋይ ላይ እንደ አሸዋው አይወርድም እንጂ። ጎማው በጣም ከላላ ሹል ድንጋይ ጎኑን ይቀደዋል።

መልስ 7

የዚህ ጸሐፊ ትዕግሥት አጭር ነው። መልስ 6ን ጥያቄውን አንብብ አለው። መልስ 1ንም አልማረም፤ እንደ እነዚህ ያሉ ምክሮች ናቸው ገደል የሚከቱን አለ። በሎው የሚነዳውን እንደ ፈሪ የሚያዩ ሹፌሮች የባለቤቱን ገንዘብ ነው የሚያቃጥሉት አለ። እውነት ነው፣ ግን እንዲህ አይባልም።

መልስ 8

መልስ 1ን የጻፉት አባት ተመለሱ። አልተቆጡም፤ ቅሬታቸው ግን ይሰማል። ልጄ፣ ያኔ የነዳነው መኪና አንደኛ ማርሹ ራሱ ሎው ነበር አሉ። ይህ ነጥብ ሳይታይ ያለፈ ይመስላል፤ ሆኖም ጠቃሚ ነው። የጭነት መኪናዎች አንደኛ ማርሽ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ባዶ ሲሆኑ ሁለተኛ ላይ ነው የሚነሱት። በዚያ የለመደ ሰው ሎው አያስፈልግም ቢል አይገርምም።

ከዚያ ጥሩ ጥያቄ ጣሉ። ዲፌንደር ሁልጊዜም አራቱን ጎማ ይነዳል። ታዲያ ዳገቱን ያወጣው ሎው ነው ወይስ አራት ጎማ መሆኑ? ሁለቱን ለምን ትቀላቅላላችሁ?

መልስ 9

የምህንድስና ተማሪ ነኝ ያለ ወጣት ፈጥኖ መለሰላቸው። አባባ ብሎ ጀመረ፤ ደስ ይላል። ሎው የጎማውን መንከስ ይጨምራል፣ ቀስ ብሎ ስለሚዞር መሬቱን አጥብቆ ይይዛል አለ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፣ ብዙ ሰውም ወደደለት። ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

መልስ 10

እዚህ ላይ በእርዳታ ሥራ ገጠር ለገጠር የምትነዳ ሴት የራሷን ነገር ይዛ መጣች። እሷም አንድ ወቅት ዲፌንደር ይዛ ነበር። ዳገት መሐል፣ አንዱ የኋላ ጎማ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ አቆመችው። የእጅ ፍሬን ሳበች፣ ማርሹን ኒውትራል አደረገች፣ ልትወርድ በሩን ከፈተች። መኪናው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። የእግር ፍሬን ረግጣ አቆመችው። በኋላ ጋራዥ ወስዳ የእጅ ፍሬኑ ምንም እንዳልሆነ ነገሯት። እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ የሚያውቅ ይንገረኝ አለች።

መልስ 11

የጋራዡ ሰው ለሦስቱም በአንድ መለሰ። ረዥም ነው፣ ቀስ ብላችሁ ተከተሉት።

ለአባት በመጀመሪያ። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ስለሚኖሩ ነው የሚቀላቀሉት አላቸው። ትራንስፈር ኬዙ አንደኛ ቶርኩን ያበዛል፤ ሁለተኛ የበዛውን ለፊትና ለኋላ ያካፍላል። በ25 ዲግሪ ዳገት ላይ ሁሉም ጎማ ቢሠራ፣ ጎማው ከተጫነበት ክብደት 47 በመቶ ያህል የሚሆን መያዣ ከመሬት ማግኘት አለበት። ልቅ ጠጠር ይህን አንዳንዴ ይሰጣል፣ አንዳንዴ አይሰጥም። የኋላው ብቻ ቢነዳ ግን ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ነው የኋላው ላይ ያለው፤ የሚፈለገው መያዣ ወደ 67 በመቶ ይዘላል። ልቅ ጠጠር ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ያለ ሎው ሞተሩ ያቅተዋል፣ ያለ አራት ጎማ መሬቱ ያቅተዋል።

ለተማሪው ቀጠለ። መንከስ የጎማውና የመሬቱ ጉዳይ ነው፤ ሎው ከዚያ ላይ አንዲት ግራም አይጨምርም። እንዲያውም ቶርክ ስለበዛ ጎማውን በቀላሉ ያስፈትለዋል። ሎው የሚሰጥህ እግርህ ላይ ያለ ልክ ነው፤ ጎማው ሊፈተል ሲል ቀስ ብለህ ትቀንሳለህ። ስለዚህ ልቅ ጠጠር ላይ ብዙ ጊዜ ሎው ሁለተኛ ከአንደኛ ይሻላል አለ። የዚህ መኪና ሎው ሁለተኛ በ25 ያባዛል፣ አሁንም ከሃይ አንደኛ በላይ ነው። ሎው ሦስተኛ ግን 16.4 ነው፣ ከሃይ አንደኛው ያንሳል። ስለዚህ ሎው ማለት ሙሉ አዲስ ካምቢዮ አይደለም፤ ከታች የተጨመሩ ሁለት ማርሾች ናቸው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ለእህታችን የሰጠው መልስ ለእኔ አዲስ ነበር። የዲፌንደር የእጅ ፍሬን ጎማ ላይ አይደለም። ከትራንስፈር ኬዙ ወደ ኋላ በሚወጣው አክሲስ ላይ ያለ ከበሮ ነው። ፍሬኑ አክሲሱን ያዘ። አንዱ የኋላ ጎማ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዲፈረንሻሉ ክፍት ስለሆነ መሬት ላይ ያለው ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር የተንጠለጠለው ወደ ፊት ይዞራል፣ አክሲሱ ግን ንቅንቅ አይልም። የፊቶቹ ደግሞ ፊትና ኋላን የሚያለያየው የመሐሉ ዲፈረንሻል በሎኩ ስላልተቆለፈ ነፃ ናቸው። ፍሬኑ ሥራውን ሠርቷል፤ መኪናው ግን ሄደ። የመሐሉ ሎክ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያው ፍሬን የፊቶቹንም ይይዝ ነበር። ስለዚህ ድንጋያማ ዳገት ላይ ስትቆሚ ሎኩ ገብቶ ይቆይ፣ ማርሽ ላይ ተዪው፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጊ አላት።

መልስ 12

እሷ አመሰገነችና አንድ ጨመረች። አሁን የምትነዳው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው። የእሱ ፎር ዊል ሲገባ ፊትና ኋላው አንድ ላይ ይታሰራሉ፣ መሐል ዲፈረንሻል የለውም። አስፋልት ላይ ረስታው ስትታጠፍ መሪው ከበዳት፣ መኪናው የታነቀ መሰላት፣ ትንሿ ማርሽም አልወጣ አላት። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ስትነዳው ለቀቃት። ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጠጠር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያስታርቃል፤ አስፋልት አያስታርቅም፣ ጥርሶቹ ላይ ይጠራቀማል። በዲፌንደሩ ግን ሎው ገብቶ የመሐሉ ሎክ ሳይገባ አስፋልት ላይ መንዳት ይቻላል፤ ከባድ ተጎታች ቀስ ብሎ ቦታ ለማስያዝ ሲፈለግ ይጠቅማል። ይህን ስለ ዲፌንደሩ የጨመረው ከጋራዡ ሰው በታች የጻፈ ሌላ ሰው ነው፤ ለእሱ የመልስ ቁጥር አልሰጠሁትም።

መልስ 13

የቀድሞ የውትድርና ሹፌር ስለ መውረድ አነሳ። ሁላችሁም ስለ መውጣት ነው የምታወሩት፣ ሰው የሚሞተው ሲወርድ ነው አለ። ሎው አንደኛ፣ ፍሪሲዮን እንዳይነካ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሪሲዮን ከረገጥክ 2.7 ቶን ነፃ ለቀቅህ። ፍሬን አጥብቀህ ከረገጥክ ደግሞ ጎማው ይታሰርና ጠጠር ላይ እንደ ገበቴ ትንሸራተታለህ።

ሞተር ዳገት ላይ ቢጠፋስ? አትደንግጥ አለ። የእግር ፍሬን ያዝ። ፍሪሲዮን ረግጠህ ማርሹን ሎው የኋላ ማርሽ ላይ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፣ ከዚያ ፍሬኑን ቀስ እያልክ እየለቀቅህ ቁልፉን አዙር። ሞተሩ ይነሳና መኪናውን ይዞ በእግር ፍጥነት ወደ ታች ያወርድሃል። ለመዞር አትሞክር፤ ዳገት ላይ ጎኑን የሰጠ መኪና ይገለበጣል። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማይነሱ አዳዲስ መኪኖች ላይ ይህ አይሠራም፤ የራስህን ሜዳ ላይ ሞክረህ እወቅ ብሏል።

ከሃይ ወደ ሎው መቀየር ያለበት ቆሞ መሆኑንም አስታወሰ። ዳገት መሐል ላይ ቆመው ለመቀየር የሚታገሉት በኒውትራሉ ውስጥ ያልፋሉ፤ በዚያች ቅጽበት ካምቢዮው መኪናውን አይዘውም።

መልስ 14

ከዴንቨር የጻፈ አንድ ሰው ግን በመልስ 5 አልተስማማም። እዚህ ተራራ ላይ አውቶማቲክ ነው የምንነዳው፤ የሚነድ ፍሪሲዮን የለም አለ። በፍሪሲዮን ፋንታ በዘይት የሚሠራው ቶርክ ኮንቨርተር መኪናው ቆሞ ሳለ የሞተሩን ቶርክ ራሱ እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ደግሞ አንደኛው 4.7 ድረስ ዝቅ ያለ አለ። ስለዚህ ሎው የድሮ ማንዋል መኪና ጣጣ ነው፣ በቅርቡ ይጠፋል ባይ ነው።

መልስ 15

መልስ 7ን የጻፈው ትዕግሥተ አጭር ሰው ተመለሰ። ሙቀቱ የት የሚሄድ መሰለህ አለው። ኮንቨርተሩም የሚያባዛው እየተንሸራተተ ነው፤ ያ ሁሉ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። አጭር ዳገት ላይ ራዲያተሩ ይችለዋል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ስትንፏቀቅ የዘይቱ መብራት ይበራልሃል። እናንተ ጋ ያሉት ጂፕ ራንግለር ሩቢኮኖች ሎዋቸው አራት ለአንድ የሆነው ታዲያ ለጌጥ ነው? ብሎ ዘጋው።

የዴንቨሩ ሰው እኔ የምለው ለአብዛኛው ሰው ነው፣ ለድንጋይ ወጪዎች አይደለም ብሎ መለሰ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና መጨቃጨቅ ጀመሩ። እሱን እለፈዋለሁ፤ ማንም ማንንም አላሳመነም።

መልስ 16

ጠያቂው ሌላ ነገር ይዞ መጣ። በሎው ተነስቶ ነዳጅ ሲለቅና መልሶ ሲረግጥ ከስሩ ጓ የሚል ድምፅ አለ። ድሮ አልነበረም። ትራንስፈሩ ሊሞትብኝ ነው እንዴ?

ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ዕቃ እንዲገዛ ነገሩት። አንዱ ዲፈረንሻል፣ አንዱ የአክሲስ መስቀለኛ፣ አንዱ ሙሉ ካምቢዮ። የመስቀለኛው ያው ርካሹ ነው፣ ከእሱ መጀመር አይከፋም።

መልስ 17

የጋራዡ ሰው ከመግዛትህ በፊት ለይ አለው። ሜዳ ላይ አቁመው። የእጅ ፍሬኑን አጥብቀህ ሳብ፣ የመሐሉን ሎክ አስገባ። ፍሬኑ ያለው ትራንስፈሩ መውጫ ላይ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ መስቀለኛውም፣ ዲፈረንሻሉም፣ የጎማው አክሲስም ከጨዋታ ወጣ። አሁን ሞተሩ እየሠራ አንደኛ አስገባ፤ ፍሪሲዮኑን በጣም በትንሹ እያስነካህ መልሰህ ርገጥ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ከትራንስፈሩ ወዲያ ነው። ድምፁ ካለ ከፍሬኑ ወዲህ ነው።

ወዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የካምቢዮው ዋና አክሲስ ጫፍ ነው። የትራንስፈሩ መግቢያ ጥርስ እዚያ ጫፍ ላይ ባሉ ጥርሶች ይሰካል። መጋጠሚያው ውስጥ ዘይት በደንብ አይደርስም፤ ደርቆ ይፋተጋል፣ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ያወጣል። መጀመሪያ ጓ ይላል። መጨረሻ ላይ ጥርሱ ያልቅና ሞተሩ ይጮሃል፣ ማርሽ ገብቷል፣ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም። ሎውም ሃይም ሎክም አያድኑም፤ ጉልበቱ ትራንስፈር ኬዙ ሳይደርስ ነው የተቆረጠው። በሎው ደጋግሞ ዳገት የሚወጣ መኪና ደግሞ ቀድሞ ይበላዋል።

ለማየት ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግም አለ። ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ አንድ ክዳን አለ። እሱ ተከፍቶ የመግቢያው ጥርስ ይወጣና የአክሲሱ ጫፍ በባትሪ ይታያል። አክሲሱ ገና ካልተበላ ጥርሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ዘይት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለውን ፈልግ፣ ቀዳዳ የሌለውን ርካሽ ነው ብለህ እንዳትገዛ። አክሲሱ ከተበላ ግን ካምቢዮው መፈታቱ አይቀርም።

መልስ 18

ጠያቂው በእጅ ፍሬኑ ሞከረው፤ ድምፁ አለ። ባለ ቀዳዳውን ጥርስ መርካቶ ውስጥ ማን ይዞ እንደሆነ ጠይቆ የሚመልስለት እየጠበቀ ነው። የመልስ 2 ባለቤት ድምፁ ካለ ዋጋ ይቀንሳል ወይ ብሎ ጽፎለታል።